ነጭ ነጠላ በነጭ አንሶላ ላይ አታንሱብኝ!

ትናንት ሌሊት 8 ሰዓት ሆኖ ነው የተኛሁት። አንድ የሀበሻ ልብስ ሱቅ 64 ፎቶ ልኮልኝ። "ባክግራውንዱን ብቻ ቡናማ አድርግልኝ፣ ላንተ እኮ አንድ ክሊክ ነው" ይላል መልእክቱ። አንድ ክሊክ!

እርግጥ ነው፣ መቁረጡ በጅምላ ይሠራል። ፎቶዎቹን አንድ ፎልደር ውስጥ እከታለሁ፣ ከዚያ rembg ለሚባለው ጀርባ ቆራጭ ፕሮግራም ይህችን ትእዛዝ እጽፋለሁ፦

```
rembg p foto tekorete
```

ፕሮግራሙ foto ውስጥ ያለውን ሁሉ ከጀርባው ቆርጦ tekorete ውስጥ ያስቀምጥልኛል። ቡና እስኪፈላ 64ቱም አለቁ። ጉዱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ልብሶቹ የተነሱት ነጭ አንሶላ ላይ ነው። ነጭ ሸማ በነጭ አንሶላ! ነጠላው የት አልቆ አንሶላው የት እንደሚጀምር ፕሮግራሙ በምን ይለየው? ጥለቱን አስቀርቶ ዘርፉን በላው። አንዱ ቀሚስማ ትከሻው ላይ እጅ የሚያሾልክ ቀዳዳ ወጣበት።

የሚያናድደው፣ ይህ ቀዳዳ ነጭ ጀርባ ላይ አይታይም። ቡናማውን ስደርብበት ነው 23ቱ ተበልተው ያገኘኋቸው። የእነዚያን ጠርዝ አንድ በአንድ በእጄ ስመልስ ነው የመሸብኝ፣ የነጋብኝ ማለት ይቀላል። እናንተም ራሳችሁ የምትሠሩ ከሆነ የተቆረጠውን ሁሉ መጀመሪያ ጥቁር ነገር ላይ ደርባችሁ እዩት። ደግሞ 64ቱንም ከመልቀቃችሁ በፊት አምስቱን ብቻ ሞክሩ።

ባለሱቆች፣ እባካችሁ ስሙኝ። ነጭ ልብስ ስታነሱ ግራጫ ወይም ሰማያዊ ካርቶን ከኋላ አድርጉ። ጥቁሩን ልብስ ደግሞ ነጭ ላይ አንሱት። ስልኩን አንድ ቦታ ትከሉት፣ ሁሉንም በአንድ ሰዓት፣ በአንድ መስኮት ብርሃን ጨርሱ። ግማሹ በጠዋት ብርሃን፣ ግማሹ በማታ አምፖል ከተነሳ ጀርባው አንድ ቢሆንም ልብሱ አንዱ ነጭ፣ አንዱ ቢጫ ሆኖ ይወጣል። ደንበኛ ደግሞ "የተለያየ ዕቃ ነው" ብሎ ይከራከራችኋል።

ስትልኩልኝም በቴሌግራም እንደ ፎቶ ሳይሆን በፋይል ላኩ። እንደ ፎቶ ሲላክ ያሳንሰዋል፣ ዘርፉ ይደበዝዛል፤ የደበዘዘ ዘርፍ ደግሞ ንጹህ ሆኖ አይቆረጥም። የተቆረጠው ስዕል በPNG ይቀመጥ፤ JPG ክፍት ጀርባ መያዝ አይችልም።

ስስ ነጠላ ግን እንዲህ ያለ ፕሮግራም በደንብ አያወጣላችሁም። ጨርቁ ያሳያል፤ ብትቆርጡትም የድሮው አንሶላ በውስጡ አብሮ ይመጣል። መፍትሔው ከመጀመሪያው የምትፈልጉት ጀርባ ላይ አስተካክሎ ማንሳት ነው።

ለዚህ ነው ከ64ቱ ውስጥ 9 ስስ ነጠላዎችን በእጄ ያልነካሁት። ዛሬ ጠዋት ደውዬ ቡናማ ወረቀት ዘርግተው እንደገና እንዲያነሷቸው ነገርኳቸው።