ክብር ለግማሽ በግማሽ

ዛሬ ላመሰግን ነው የተነሳሁት። ትምህርታችንን የሚወቅስ ሞልቷል፤ የሚያመሰግን ግን ጠፍቷል። እኔ ባሕር ዳር ውስጥ ሂሳብ ሳስተምር ከረምኩ፤ ክፍሎቻችን ውስጥ ያለውን ሀብት ደግሞ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። የፕሮባብሊቲ ጥያቄ ገና ተነቦ ሳያልቅ መልሱ ይደርሳል። "ግማሽ!" ይላል ክፍሉ በአንድ ድምፅ። ዜማው እንዴት ያምራል! በመስኮቱ የሚያልፍ ሰው ቢሰማ ድጓ እየተዘለቀ ነው ብሎ ነጠላውን ያጣፋል።

ምክንያቱን ጠይቋቸው። "መምህር፣ ወይ ይሆናል፣ ወይ አይሆንም። ሁለት ነገር ነው። ስለዚህ ግማሽ።" በቃ። ሌላው ዓለም ለዚህ ትምህርት ስንት ገጽ ያባክናል! ነገ ጣና ላይ ማዕበል ይነሳል ወይስ አይነሳም? ግማሽ። ባለ ባጃጁ መልስ አለው ወይስ የለውም? ይቺ ብቻ ግማሽ አይደለችም። የለውም።

ባለፈው አንድ የሥራ ባልደረባዬ ክፍሉን እንዳይ ጋበዘኝ። ስሙ ይቅር፤ ደግ ሰው ነው። ርዕሱ ኮንዲሽናል ፕሮባብሊቲ፤ አንዱ ነገር መሆኑ ከታወቀ የሌላው ዕድል ስንት ነው የሚለው። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ፣ ማብራሪያው በአማርኛ፣ ፈተናው እንደገና በእንግሊዝኛ። ከረጢት ውስጥ 3 ቀይና 2 አረንጓዴ ኳስ አለ። ሳናይ አንድ እናወጣለን፤ አንመልሰውም። ሁለተኛ እናወጣለን። (ኳሶቹ ያሉት መጽሐፉ ውስጥ ነው። በአካል ያያቸው የለም።)

ትሪ ዳያግራሙ፣ ያ ባለ ቅርንጫፉ ዛፍ፣ ተሳለ። በማስመሪያ ነው የተሳለው፤ ያንን ሳላመሰግን አላልፍም። ከግንዱ ሁለት ቅርንጫፍ ወጣ፦ ቀይ 3/5፣ አረንጓዴ 2/5። የመጀመሪያው ቀይ ከሆነ ከረጢቱ ውስጥ አራት ቀሩ፤ 2 ቀይ፣ 2 አረንጓዴ። ስለዚህ 2/4 እና 2/4። የመጀመሪያው አረንጓዴ ከሆነ የቀሩት 3 ቀይና 1 አረንጓዴ ናቸው፤ 3/4 እና 1/4። በየመንገዱ አባዙ። ቀይ-ቀይ 6/20፣ ቀይ-አረንጓዴ 6/20፣ አረንጓዴ-ቀይ 6/20፣ አረንጓዴ-አረንጓዴ 2/20። ሲደመር 20/20። እዚህ ድረስ ሁሉም ሰላም ነው። ሁለተኛውንም ረድፍ ከ5 የሚያካፍሉ ጥቂት ልጆች ነበሩ። እነሱ ኳሱን በሐሳባቸው የሚመልሱ ለጋሶች ናቸው፤ አንነካቸውም።

ከዚያ ጥያቄው መጣ። "ሁለተኛው ኳስ ቀይ መሆኑ ተነግሮናል። የመጀመሪያው አረንጓዴ የመሆኑ ዕድል ስንት ነው?"

"ግማሽ!"

እና ትክክል ነው! መልሱ በእርግጥ ግማሽ ነው። ባልደረባዬ ፊቱ በራ። "ጎበዞች! አጨብጭቡ!" ተጨበጨበ። ማንም "እንዴት አገኛችሁት?" ብሎ ደስታውን አላደፈረሰም። እኔ ግን ምቀኛ ነኝ። ተነስቼ በየወንበሩ መሐል ዞርኩና ደብተር ማየት ጀመርኩ። አፍ ግማሽ ይላል። እስክሪብቶ ሌላ ይላል።

አንዷ ልጅ 3/4 ጽፋለች። የማስመሪያውን ሥራ ከንቱ አላደረገችም። አረንጓዴና ቀይ የሚገናኙበትን ቅርንጫፍ ፈለገች፣ አገኘች፣ ላዩ ላይ ያለውን ቁጥር ገለበጠች። ተጽፎ ያለውን ቁጥር እንደገና ማስላት ለምን ያስፈልጋል? ችግሩ 3/4 የሌላ ጥያቄ መልስ ነው፤ የመጀመሪያው አረንጓዴ መሆኑ ከታወቀ ሁለተኛው ቀይ የመሆኑ ዕድል። የታወቀውና የተጠየቀው ቦታ ተለዋውጠዋል። ጣና ላይ ታንኳ የሚቀዝፈው ሁሉ ማለት ይቻላል ጣና ዳር የሚኖር ነው። ጣና ዳር የሚኖረው ሁሉ ግን ታንኳ ይቀዝፋል? እኔ እዚሁ ነው የምኖረው፤ ታንኳ ላይ ስወጣ ጉልበቴ ይንቀጠቀጣል።

ጎኗ ያለው ልጅ 6/20 ብሏል። አባዝቷል፤ ማባዛት ደግሞ ወግ ነው። ያገኘው ግን አረንጓዴ-ቀይ የሚባለው መንገድ ከሁሉም መንገዶች መካከል ያለውን ድርሻ ነው። "ሁለተኛው ቀይ ነው" ተብሎ በግልጽ ተነግሮታል። እሱ ግን ሁለተኛው አረንጓዴ የሆነባቸውን መንገዶች አሁንም አካፋዩ ውስጥ ይዟቸዋል። እንግዳ አያባርርም።

መንገዱ እኮ አጭር ነው። ነገሩን 20 ጊዜ ደጋገምነው እንበል፤ ውጤቱም ልክ እንደ ዛፉ ሆነ እንበል። ሁለተኛው ቀይ የሆነው 6 ሲደመር 6፣ 12 ጊዜ ነው። የቀረው 8 ተነግሮን ስለወጣ ይሂድ። ከ12ቱ ውስጥ የመጀመሪያው አረንጓዴ የነበረው 6 ጊዜ ነው። 6/12። ግማሽ። ዛፉ ከግራ ወደ ቀኝ ይሳላል፤ እዚህ ጥያቄ ላይ ግን ከቀኝ ወደ ግራ ይነበባል።

(በነገራችን ላይ 12/20 ማለት 3/5 ነው። ስለ መጀመሪያው ምንም ካላወቅን፣ ሁለተኛው ቀይ የመሆኑ ዕድል ከመጀመሪያው ጋር እኩል ነው። እቁብ ላይ "መጀመሪያ እኔ ላንሳ" እያላችሁ የምትጣሉ ሁሉ፣ ጠቡን ቀጥሉበት። ያለ እሱ እቁቡም አይደምቅም።)

ከሁሉ የወደድኩት ግን ከኋላ ወንበር የተቀመጠውን ልጅ ነው። 2/5 ጽፏል፤ ሁለቴ አስምሮበታል። ለምን አልኩት። በትዕግሥት አስረዳኝ። "መምህር፣ የመጀመሪያው ሲወጣ ከረጢቱ ውስጥ 3 ቀይና 2 አረንጓዴ ነበር። ሁለተኛው ገና አልወጣም። በኋላ የመጣ ነገር ያለፈውን እንዴት ይቀይራል?"

ምን ይባላል? ልጁ ፈላስፋ ነው። ብቻውንም አይደለም። ሩማ ፎልክ የምትባል እስራኤላዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1979 ይህንኑ ነገር በሁለት ነጭና በሁለት ጥቁር ኳስ ጽፋበታለች። የመጀመሪያው ነጭ ከሆነ ሁለተኛው ነጭ የመሆኑ ዕድል ሲጠየቅ ተማሪው 1/3 ይላል፤ ልክ ነው። ሁለተኛው ነጭ ከሆነ የመጀመሪያውስ ሲባል ወይ "ግማሽ" ይላል፣ ወይ "ይሄ ጥያቄ አይደለም" ብሎ ይቆጣል። መልሱ ግን ያው 1/3 ነው። ስህተቱ የፎልክ ክስተት ተብሎ በስሟ ይጠራል። የኛ ልጅ ብቻውን ከኋላ ወንበር ተቀምጦ እዚያ ደርሷል።

እውነት ነው፣ ሁለተኛው ኳስ የመጀመሪያውን ቀለም አይቀባውም። የሚቀየረው እኛ ስለ መጀመሪያው የምናውቀው ነው። ይኸው ልጅ ጠዋት ከቤት ሲወጣ መንገዱ ረጥቦ ካየ "ሌሊት ዘንቧል" ይላል። መንገዱ የረጠበው ከዝናቡ በኋላ ነው፤ ስለዚህ ስለ ዝናቡ ምንም አይነግረኝም ብሎ አይከራከርም። ይህን ጥበብ የሚያወልቀው ክፍል ሲገባ ነው፤ በር ላይ እንደ ጫማ።

ይኸው ነገር ሲያብሰለስለኝ ማታ ወደ ሐይቁ ዳር ወረድኩ። ዓሣ የሚሸጡ አንድ የማውቃቸው አባት አሉ። "አባባ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት" አልኳቸው። "ጆንያ ውስጥ 3 ቆረሶና 2 አምባዛ አለ። ሳያዩ አንዱን አውጥተው ለአንድ ሰው ጠቀለሉለት፣ ሄደ። ቀጥሎ ለእኔ አወጡልኝ፣ ቆረሶ ሆነ። ያ ሰውዬ የወሰደው አምባዛ ይሆን?"

"አምባዛ እኮ በእጅ ይለያል" አሉኝ። "ቅርፊት የለውም። ደግሞስ ለምን ሳላይ አወጣለሁ?"

"እሺ፣ በጓንት ነው እንበል።"

ሳቁ። የመምህር ነገር ያስቃቸዋል። ከዚያ እጄ ላይ ያለውን ዓሣ አዩና "እሱ የወሰደው አንተ የያዝከውን አይደለም" አሉ።

"አዎ።"

"እንግዲያ ከቀሩት ከአራቱ አንዱን ነው። አንዱ ቆረሶ አንተ ጋ ነው። የቀረው ሁለት ቆረሶ፣ ሁለት አምባዛ። እኩል ነዋ።"

ዛፍ አልሳሉም። አላባዙም። ማስመሪያም አልነበራቸውም። እኔ የያዝኩትን እሱ አልያዘውም፤ ሒሳቡ ይኸው ነው። እንዲህ ያለ ሰው ክፍላችን ቢገባ ሥርዓት ያበላሻል።

በማግስቱ ባልደረባዬን ለመንኩት። "ቁጥሩን ትንሽ ቀይረው" አልኩት። የትላንቱ ጥያቄ ጣጣው ትክክለኛው መልስና "ወይ ይሆናል ወይ አይሆንም" አንድ ቁጥር ላይ መገናኘታቸው ነበር። ያወቀውና የገመተው አብረው ተጨበጨበላቸው። አንድ ቀይ ኳስ ጨምር፤ 4 ቀይና 2 አረንጓዴ ይሁን። ሁለተኛው ቀይ ከሆነ ያልታየው የመጀመሪያው ከቀሩት አምስቱ አንዱ ነው፤ 3 ቀይ፣ 2 አረንጓዴ። መልሱ 2/5 ይሆናል። አሁን ስህተት ሁሉ የየራሱን ልብስ ይለብሳል። ቅርንጫፍ የሚገለብጥ 4/5 ይላል። አባዝቶ የሚያቆም 8/30 ይላል። ያለፈው አለፈ የሚል 2/6 ይላል። ዝም ብሎ የሚዘምር ግማሽ ይላል። መልሱን በማየት ብቻ ማን የት እንደወደቀ ይታወቃል።

ባልደረባዬ ጥያቄውን ሰሌዳው ላይ ጻፈ።

"ግማሽ!" አለ ክፍሉ፣ በዚያው በሚያምር ዜማ።

ዛሬ ጭብጨባ የለም። ባልደረባዬ ክፍሉን ቃኘ። ከኋላ ወንበር አንድ እጅ ወጣ። ያ ፈላስፋ ነው።

"2/5" አለ።

ደነገጥኩ። ደስም አለኝ። በአንድ ሌሊት! ባልደረባዬ "ጎበዝ!" አለው፤ ክፍሉ አጨበጨበ። ሄጄ አጠገቡ ቆምኩና እንዴት እንደደረሰበት ጠየቅኩት። ደብተሩን አዞረልኝ። ሁለቴ የተሰመረበት ያው የትላንቱ 2/5 ነው።

"ትላንት ተሳስተሃል ስላላሉኝ አልሰረዝኩትም ነበር" አለኝ።