አማካዩ ደህና ነው፣ ደንበኛው ግን ይጮኻል

ጠያቂው (ከለገጣፎ)፦ "ከሱቆች የሚመጣው ትእዛዝ ኮምፒውተር ላይ ወረፋ ይይዛል። አንድ ፕሮግራም በተራ እያነሳ የመጫኛ ወረቀት ያትምለታል። አማካይ የጥበቃ ጊዜያችን ግማሽ ደቂቃ ነው። ደንበኛ ግን ይጮኻል። የቱን ቁጥር ልከታተል?"

የገላኗ፦ አሁን ወረፋ ላይ ካሉት ውስጥ ቀድሞ የገባው ስንት ጊዜ እንደቆየ ተመልከት። መረጃው ፖስትግሬስ ላይ ከሆነ ይቺ ትበቃለች፦

```sql
SELECT now() - min(created_at)
FROM orders
WHERE status = 'waiting';
```

አማካዩ የሚሰላው ካለቁት ነው። ያላለቀው ገና ስንት እንደሚጠብቅ ስለማይታወቅ ስሌቱ ውስጥ አይገባም። የሚጮኸው ደንበኛህ ደግሞ እዚያ ያልገባው ውስጥ ነው።

የሰበታው፦ እህቴ፣ ቀስ በይ እንጂ። እኔ መጋዘን ውስጥ ነው ያረጀሁት። በቀን 600 ትእዛዝ ገብቶ 599ኙ በሰላም ከወጣ ሥራው ጥሩ ነው። የአንቺ ቁጥር ግን አንዱን ይዞ ቤቱን ሁሉ ያሸብራል። ችግሩ የእውነት ከሆነ አማካዩም ከፍ ይላል፣ ያኔ አየዋለሁ።

የገላኗ፦ ጋሼ፣ ጉዳዩ እኮ ያ "ያኔ" ያሉት ነው። መቼ ነው ከፍ የሚለው? እስቲ በእርስዎ 600 እንየው።

በ10 ሰዓት ሥራ 600 ትእዛዝ ማለት በየደቂቃው አንድ ነው። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ የሚያትመው ፕሮግራም ቆመ እንበል። ትእዛዝ መግባቱን ቀጥሏል፣ የሚወጣ ግን የለም። ምንም ስላላለቀ አማካዩን የሚለውጥ ነገርም የለም። ሰሌዳው ላይ ያው ግማሽ ደቂቃ ተጽፎ ይቀመጣል። 4 ሰዓት ተኩል ሲሆን 90 ትእዛዝ ተከማችቷል፣ አማካዩ አሁንም ግማሽ ደቂቃ ነው።

በዚያው ሰዓት አንድ ሰው ደርሶ ፕሮግራሙን አስነሳው። በደቂቃ ሦስት ያትማል፣ አንድ አዲስ ይገባል፣ ስለዚህ ክምችቱ በደቂቃ በሁለት ይቀንሳል። 5 ሰዓት ከሩብ ላይ ያልቃል። በእነዚያ 45 ደቂቃዎች 135 ትእዛዝ ይወጣል። የመጀመሪያው 90 ደቂቃ የጠበቀ ነው፣ የመጨረሻው ምንም ያልጠበቀ። አማካዩ አሁን ነው ሽቅብ የሚተኮሰው፣ ችግሩ ከተፈታ በኋላ! ማንቂያው በዚህ ቢታሰር ኖሮ የሚጮኸው ጥገናው ላይ ነበር።

የቀኑን ሪፖርት ደግሞ ያስቡት። 600ው ላይ ተካፍሎ አማካዩ 10 ደቂቃ ተኩል ገደማ ይሆናል። 10 ደቂቃ አካባቢ የጠበቀ ደንበኛ ግን ከጥቂቶች በስተቀር የለም። አብዛኛው ግማሽ ደቂቃ ነው የጠበቀው፣ ቀሪው እስከ አንድ ሰዓት ተኩል።

የአንጋፋውን ዕድሜ ቢይዙ ኖሮ 3 ሰዓት ከ10 ላይ 10 ደቂቃ ይላል፣ ከሩብ ላይ 15። ዕድሜው በየደቂቃው በአንድ ደቂቃ ካደገ ከወረፋው ፊት የተነሳ ነገር የለም ማለት ነው። ከዚያ ቀስ ብሎ ካደገ ሥራው እየሄደ ነው፣ ግን የሚገባው ይበልጠዋል። ሲጠገን ደግሞ በየደቂቃው በሁለት ደቂቃ ሲወርድ ያዩታል፣ መቼ እንደሚያልቅም ከዚያው ይገምታሉ።

የሰበታው፦ የቆመውን ነገር ተቀበልኩ። ይሄ ግን ሁሉም ሲቆም ነው። አንዱ ብቻ ቢበላሽስ? የሱቁ አድራሻ የተሳሳተ ትእዛዝ አለ፣ ማተሚያው ይተፋዋል፣ ተመልሶ ይሰለፋል፣ እንደገና ይተፋዋል። የአንቺ ቁጥር ለሦስት ቀን 72 ሰዓት እያለ ይጮኻል። ከጀርባው ሌላ 50 ቢቆም በምን ታውቂያለሽ? ደግሞ ሁለተኛ ማሽን ልግዛ ወይስ አልግዛ የሚለውን ከአንድ አንጋፋ ትእዛዝ አላገኘውም። ያንን የሚነግረኝ አማካዩ ነው።

የገላኗ፦ ማሽን ለመግዛት አማካዩን ይያዙ፣ አልከራከርም። ለእሳት ማጥፊያ ግን አይሆንም።

የተበላሸውን በተመለከተ፣ ከተወሰነ ሙከራ በኋላ ወደ ሌላ ወረፋ ይውጣ፣ ያኛውም ለብቻው ይቆጠር። የቆሙትን ብዛት ከዕድሜው ጎን ማስቀመጥም ግድ ነው። ዕድሜው 72 ሰዓት ሆኖ ብዛቱ አንድ ከሆነ፣ አንድ የተበላሸ ነገር ነው። ብዛቱ 50 ከሆነ መንገዱ ተዘግቷል።

ይልቅ በተቃራኒው ደብቆ የሚያልፍም አለ። የአማዞን SQS ወረፋ ላይ `ApproximateAgeOfOldestMessage` የሚባል ቁጥር አለ። አንድ መልእክት ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ ተነስቶ ካልተሠራ ወደ ኋላ ይገፋል፣ ቁጥሩም ከእሱ ቀጥሎ ያለውን ያሳያል። የሚያስጮኸው ጉዳይ እንዳለ ሆኖ ሰሌዳው ያማረ ይመስላል። ለዚህ ነው የተበላሹትን የሚይዘው ወረፋም ቆጣሪ የሚያስፈልገው።

ጠያቂው፦ ይቅርታ፣ እኛ "የዛሬው ረጅሙ ጥበቃ" የሚል ቁጥር አለን። እሱ ነው አይደል የምትሉት? ከ5 ደቂቃ አልፎ አያውቅም።

የገላኗ፦ አይደለም። ያም ያለቁትን ነው የሚያየው። ገና የቆመው ወጥቶ እስኪያልቅ ድረስ አይቆጥረውም። ደግሞ "ከ5 ደቂቃ አልፎ አያውቅም" የሚለው ራሱ ያጠራጥራል። ያልተሳካው ትእዛዝ ሲመለስ ፕሮግራሙ እንደ አዲስ ነው የሚመዘግበው?

ጠያቂው፦ አዎ፣ አዲስ መስመር ይጽፋል። አሮጌውን ይሰርዛል።

የገላኗ፦ እንግዲህ ዕድሜው በየሙከራው ከዜሮ እየጀመረ ነው። `created_at` የመጀመሪያውን ሰዓት ይዞ ይቆይ። የሙከራውን ሰዓት ሌላ ዓምድ ላይ አስቀምጡት።

የሰበታው፦ ይሄንን እኔ ከፕሮግራም በፊት በሰው አይቼዋለሁ። የቆየ ትእዛዝ ላይ አለቃ ሲቆጣ ጸሐፊው ሰርዞ እንደ ዛሬ ይመዘግበዋል። ወረቀቱ ንጹህ፣ ደንበኛው ያው በረኛው ጋ ቆሟል። ዕድሜን ለምዘና ከተጠቀማችሁበት ሰው እንደዚህ ያደርጋል፣ አስቡበት።

ሌላም አለኝ። ሱቆች ማታ 3 ሰዓት ላይ ያዛሉ፣ እኛ ጠዋት 2 ሰዓት ነው የምንከፍተው። በየጠዋቱ አንጋፋው 11 ሰዓት የቆየ ሆኖ ይጠብቀኛል። ማንም አላጠፋም። ማንቂያው ሌሊቱን ሙሉ ቢጮህ ሰው ያጠፋዋል፣ በሦስተኛው ቀን የእውነቱንም አይሰማም።

የገላኗ፦ ዕድሜው በሥራ ሰዓት ብቻ ይቆጠራላ። መጋዘኑ ሲዘጋ ይቁም፣ ሲከፈት ይቀጥል።

የሰበታው፦ ትናንት 10 ሰዓት ላይ ገብቶ የተረሳው ትእዛዝስ? እኛ 11 ሰዓት ላይ እንዘጋለን። በአንቺ ሂሳብ ዛሬ ጠዋት የአንድ ሰዓት ዕድሜ ብቻ ይኖረዋል። ሱቁ ግን አንድ ሌሊት ሙሉ ነው የጠበቀው፣ መኪናውም ያለ እሱ ሊወጣ ነው።

የገላኗ፦ ማንቂያው በሥራ ሰዓት ቆጠራ ይሂድ። ሰሌዳው ላይ ግን ሙሉውን ዕድሜ ያሳይ።

የሰበታው፦ ሁለት ዕድሜ ያለው አንድ ትእዛዝ? ጠዋት ላይ ሰሌዳውን የሚያየው ጫኙ ነው እኮ። የቱን ይመን? እኔ ጋ ከመክፈቻው ግማሽ ሰዓት በፊት አንድ ሰው ገብቶ የትናንቱን ከማታው ይለያል። እስካሁን የተሻለ አላገኘሁም።

የገላኗ፦ ያ ሰው የቀረ ቀንስ?

የሰበታው፦ የቀረ ቀን ስልኬ ይጮኻል።