«ችግር አለብዎት?» ሲባል ሰው የሚሰማው ሌላ ነው

«በዚህ ቤት አካል ጉዳተኛ አለ?» ሲባል «ኧረ የለም፣ ተመስገን» የሚል አባወራ አልዋሸም። እናቱ ጉልበታቸው አልታዘዝ ብሎ ከደጅ ከወጡ ዓመት አልፏቸው ይሆናል፤ ለእሱ ግን ይህ እርጅና ነው። ልጁ የነገሯትን ወዲያው ትረሳለች፤ እሱ ዝንጉነት ይለዋል። አካል ጉዳት ሲባል በሐሳቡ የሚመጣው እግሩ የተቆረጠ ወይም ዐይኑ የጠፋ ሰው ነው። ቃሉ ራሱ «አካል» እና «ጉዳት» ስለሚል አይፈረድበትም።

የሕዝብ ቆጠራችን ቁጥሮች አነስተኛ የሆኑት በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው። የ1987ቱ ቆጠራ ከ2 በመቶ በትንሹ ያነሰ፣ የ1999ኙ ደግሞ 1 በመቶ ገደማ አካል ጉዳተኛ አገኘ። በ12 ዓመት ውስጥ ያን ያህል ሰው የሚድንበት መንገድ የለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዘገባ የዓለሙን መጠን 15 በመቶ ገደማ አድርጎታል።

ለዚህ መልስ ይሆናል ተብሎ በብዙ አገር የቤተሰብ ጥናት ውስጥ የገባው የዋሽንግተን ግሩፕ አጭር መጠይቅ ነው። ቡድኑ በተባበሩት መንግሥታት የስታቲስቲክስ ኮሚሽን ሥር በ2001 እ.ኤ.አ. የተቋቋመ ሲሆን፣ ጥያቄዎቹ ስድስት ናቸው፦ ማየት፣ መስማት፣ መራመድ ወይም ደረጃ መውጣት፣ ማስታወስ ወይም ሐሳብን መሰብሰብ፣ ገላ መታጠብና ልብስ መልበስን የመሰለ ራስን መንከባከብ፣ በለመዱት ቋንቋ መግባባት። መልሶቹ አራት ናቸው፦ አልቸገርም፣ ጥቂት እቸገራለሁ፣ በጣም እቸገራለሁ፣ ጨርሶ አልችልም። ከስድስቱ በአንዱ እንኳ «በጣም» ወይም «ጨርሶ» ያለ ሰው ይቆጠራል። «አካል ጉዳት» የሚለው ቃል በመጠይቁ ውስጥ የትም አይነሣም፤ የመጠይቁ ዋና ብልሃትም ይኸው ነው።

ጥያቄዎቹ ጥሩ ናቸው። የሚበላሹት ወደ አማርኛ ሲገቡና መረጃ ሰብሳቢው እጅ ሲደርሱ ነው።

ትልቁ ወጥመድ «ችግር» የሚለው ቃል ነው። «በመራመድ ችግር አለብዎት?» ሲባሉ ብዙ አዛውንት «ችግርማ ሞልቷል፣ ልጄ» ብለው ስለ ኑሮ ይጀምራሉ፤ ችግረኛ ማለት በእኛ ቋንቋ ድኻ ነውና። የእርዳታ ምዝገባ የመሰላቸው ደግሞ መልሱን ያከብዱታል። «ሲራመዱ ወይም ደረጃ ሲወጡ ይቸገራሉ?» ብሎ በግስ መጠየቅ ነገሩን ወደ ሥራው ይመልሰዋል።

«መስማት» ከዚያ የባሰ ነው። እናት «ልጅሽ ይሰማል?» ስትባል «ኧረ አይሰማም፣ ስንት ጊዜ መክሬዋለሁ» ልትል ትችላለች። የጠየቋት ስለ ጆሮው፣ የመለሰችው ስለ ጠባዩ ነው። «ድምፅ ለመስማት ይቸገራል?» ቢባል ግን አትሳሳትም። መታጠብና መልበስ ላይ መልሱ ወደ ውሃ እጥረት ይሄዳል፦ «ገላ ለመታጠብ ውሃው የት አለ?» እዚህ የሚፈለገው ውሃውም ልብሱም ቀርቦ ሰውየው በራሱ እጅ ማድረግ ይችል እንደሆነ ነው። የመግባባት ጥያቄ ደግሞ ኦሮምኛ ወይም ሲዳምኛ ተናጋሪን በአማርኛ ከጠየቁት የቋንቋ ፈተና ሆኖ ያርፋል።

የማየት ጥያቄ «መነጽር አድርገውም እንኳ» የሚል ሐረግ አለው። መነጽር ያለው ሰው መነጽሩን አድርጎ የሚያየውን ይናገራል፤ የሌለው እንዲያው አሁን የሚያየውን። ብዙ ሰልጣኝ ይህን ይስትና ገጠር ላይ «መነጽር ቢኖርዎት ያዩ ነበር?» ብሎ ይጠይቃል። እንዲህ ሲሆን በአንድ መነጽር የሚስተካከል የዐይን ድክመት ያለበት ሰው ሁሉ «አልቸገርም» ውስጥ ይሰወራል።

አንድ ቤት ወስደን እንይ። አያት 70 ዓመታቸው፣ አባት 45፣ እናት 40፣ ሴት ልጅ 14፣ ትንሹ 3 ዓመቱ እንበል። አያት ሲያዩ «ጥቂት»፣ ሲራመዱ «በጣም» ይላሉ። አባት ሲያይ «ጥቂት»፣ ሲሰማም «ጥቂት»። እናት ሁሉንም «አልቸገርም»። ልጅቷ በማስታወስ «በጣም»። ትንሹ አይጠየቅም፤ አጭሩ መጠይቅ ከ5 ዓመት በታች አይሠራም፣ ለልጆች ከዩኒሴፍ ጋር የተዘጋጀ ሌላ ቅጽ አለ። ስለዚህ ከአራት ተጠያቂ ሁለቱ ይቆጠራሉ። አባት አይቆጠርም፤ ሁለት «ጥቂት» ተደምሮ አንድ «በጣም» አይሆንም። በበር ላይ በተጠየቀው «አካል ጉዳተኛ አለ?» ግን ከዚህ ቤት የሚገኘው ዜሮ ነው።

ይህ ሁለት የሚገኘው እያንዳንዱ ሰው በየራሱ ከተጠየቀ ነው። አባወራው ለሁሉም ከመለሰ መጀመሪያ የምትጠፋው ልጅቷ ናት፤ ስንፍና የሚመስለውን ነገር መቸገር ብሎ አይመዘግበውም። ሌላ ሰው እንዲመልስ የሚፈቀደው ባለቤቱ መናገር ካልቻለ ወይም ሕፃን ከሆነ ነው፤ መላሹ ማን እንደሆነም መመዝገብ አለበት፣ በኋላ ሁለቱን ለይቶ ለማየት።

የመረጃ ሰብሳቢው ጥፋት ከታብሌቱ ላይ ይታወቃል። ጎረምሳ አይቶ ስድስቱንም «አልቸገርም» የሚሞላ ሰው ጥያቄዎቹን በጥቂት ሰከንድ ጨርሶ ያልፋል፤ አራቱን መልሶች ጮክ ብሎ ያነበበ ሰው ግን ለአንድ የቤተሰብ አባል አንድ ደቂቃ ያህል መፍጀቱ አይቀርም። ተቆጣጣሪ በየማታው አንድ ነገር ብቻ ቢያይ ይበቃዋል፦ ዕድሜያቸው ከ60 በላይ ከሆኑት መካከል «ጥቂት» የሚል መልስ አንድም ያላገኘ ሠራተኛ አለ? ካለ፣ ያ ሠራተኛ አራቱን መልስ ወደ አዎና አይደለም አጥፎታል፤ ወደ ቤቶቹ ይመለስ። ባዶ የቀረን ሳጥንም በመረጃ ጽዳት ጊዜ «አልቸገርም» አድርጎ መሙላት የተለመደ ስሕተት ነው።

የእኔ ቅሬታ ከሁሉ በላይ በዘገባው ላይ ነው። በ2006 እ.ኤ.አ. በዛምቢያ በእነዚሁ ጥያቄዎች በተደረገ ጥናት «ጥቂት» ያለውም ሲቆጠር 14.5 በመቶ፣ «በጣም» ወይም «ጨርሶ» ያለው የሚቆጠርበት መደበኛው መስመር ሲወሰድ 8.5፣ «ጨርሶ አልችልም» ያለው ብቻ ሲወሰድ 2.4 በመቶ ተገኘ። ሰዎቹም መልሶቹም አንድ ናቸው፤ የተለየው መስመሩ የተሰመረበት ቦታ ነው። ከዚያ ጥናት ስድስት ዓመት ቀደም ብሎ የተደረገው የዚያው አገር ቆጠራ 2.7 በመቶ ነበር ያለው። ስለዚህ «ባገራችን ይህን ያህል በመቶ አካል ጉዳተኛ አለ» የሚል ዜና መስመሩን ካልነገረን ምንም አልነገረንም፤ የአንዱን ዓመት 14 ከሌላው ዓመት 8 ጋር አስቀምጦ «ቀነሰ» ማለትም በማያውቅ አንባቢ ላይ መጫወት ነው። የስታቲስቲክስ አገልግሎታችን ለእያንዳንዱ ጥያቄ አራቱንም መልስ በዕድሜና በፆታ ከፍሎ የሚያሳይ ሠንጠረዥ ያውጣ፤ ስድስት ጥያቄ በአራት መልስ በአንድ ገጽ ይገባል።

መጠይቁ የማይደርስበትም አለ። ድብርትና ጭንቀት በስድስቱ ውስጥ የሉም፤ እነሱን የያዘው ረዘም ያለው ቅጽ ነው። በአጭሩ ጥናት ያልተገኘ የአእምሮ ሕመምተኛ «የለም» ተብሎ ሊጻፍ አይገባውም፤ አልተጠየቀም።