የውሸት ፋይል ወይስ የውሸት ጆይስቲክ?

ጠያቂው፦ የፕሌይስቴሽን ቅርጽ ያለው፣ መሃሉ ላይ ቀይ መብራት የሚበራ ባለ ኬብል ጆይስቲክ ገዛሁ። ላፕቶፔ ዊንዶውስ 10 ነው። የድሮ የኳስ ጌም ላይ ችግር የለውም። አዲሱ የመኪና ጌም ላይ ግን ጭራሽ እንዳልተሰካ ነው። ምን ላድርግ?

ሙሉጌታ፦ ጆይስቲክህ ጤነኛ ነው። እኔ ጌም ቤት አለኝ፤ እንዲህ ያለ ጆይስቲክ በየሳምንቱ ነው የማየው። መጀመሪያ የዊንዶውስ ቁልፍንና R አብረህ ተጫንና ይህን ጻፍ፦

```
joy.cpl
```

ስሙ ይወጣልሃል። Properties የሚለውን ክፈት። ቁልፎቹን ስትጫን ቁጥሮቹ ከበሩ ዊንዶውስ አይቶታል፤ ያላየው ጌሙ ነው ማለት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የድሮ ጌሞች ጆይስቲክ የሚፈልጉት ዳይሬክት ኢንፑት በሚባለው በር ነው። እዚያ የመጣው ሁሉ ይገባል። በፈረንጆቹ 2005 ኤክስቦክስ 360 ሲመጣ ማይክሮሶፍት ኤክስ ኢንፑት የሚባል ሌላ በር ከፈተ። በዚህኛው የሚገባው የኤክስቦክስ ጆይስቲክ ወይም እሱን የሚመስል ብቻ ነው። የመኪና ጌምህ የሚያየው ይህንን በር ብቻ ነው።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። x360ce የሚባል፣ ጆይስቲክህን የኤክስቦክስ የሚያስመስል ፕሮግራም አለ። ሦስተኛውን ስሪቱን አውርድና የጌሙ ፎልደር ውስጥ አስቀምጠህ ክፈተው። የዲኤልኤል ፋይል ልፍጠር ወይ ሲልህ እሺ በለው። ቁልፎቹን አስተካክል፣ ሴቭ አድርግ፣ ዝጋው። ጌሙ ሲነሳ ከዊንዶውስ ፋይል በፊት አጠገቡ ያለውን ያነሳል። ያ ፋይል ደግሞ «የኤክስቦክስ ጆይስቲክ ነኝ» ብሎ ይዋሽለታል። ሁለት ደቂቃ ነው። ሲሰለችህ ፋይሉን ደምስሰው፤ ኮምፒውተርህ ላይ አንድም የተነካ ነገር አይኖርም።

ሄለን፦ ሁለት ደቂቃ!

ጋሽ ሙሉጌታ፣ የትኛውን ፋይል ነው የሚጥለው? አንዱ ጌም `xinput1_3.dll` ብሎ ይጠራል። ሌላው `xinput1_4.dll` ይላል። `xinput9_1_0.dll` የሚልም አለ። ጌሙ የሚጠራው ስም ካልሆነ ፋይሉ እዚያ ተቀምጦ ይውላል፤ ጌሙ ዞር ብሎም አያየውም። ስህተት የሚል መልእክት እንኳን አይመጣም። ልጁ «አልሰራም» ብሎ ጆይስቲኩን ሊጥለው ነው።

ስሙ ቢገጥም እንኳ ፋይሉ 32 ቢት ሆኖ ጌሙ 64 ከሆነ ሌላ ጣጣ ነው። ብዙ ጊዜ ጌሙ ሲነሳ 0xc000007b የሚል ቁጥር ያወጣና ይዘጋል። መመሳሰል ያለበት ከዊንዶውሱ ጋር ሳይሆን ከጌሙ ጋር ነው፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። Task Manager ውስጥ Details ላይ ሄዶ Platform የሚለውን ዓምድ ቢያወጣ፣ ጌሙ ሲሰራ 32 ይሁን 64 ያሳየዋል። ይህን ሁሉ በሁለት ደቂቃ?

የእኔ ምክር አራተኛው የ x360ce ስሪት ነው። እሱ ጌሙን አይነካም። ViGEmBus በሚባል ድራይቨር አማካኝነት ዊንዶውስ ውስጥ የሌለ የኤክስቦክስ ጆይስቲክ ይፈጥራል። የእጅህን ጆይስቲክ አንብቦ ወደ ፈጠረው ያስተላልፋል። አንዴ ካስተካከልክ ለሁሉም ጌም ይሆናል። እያንዳንዱ ፎልደር ውስጥ ፋይል እየጣልክ አትዞርም።

ሙሉጌታ፦ ልጄ፣ እኔ ዲግሪ አለኝ አላልኩም። ሁለት ደቂቃ ያልኩት እኔ ስሰራው ሁለት ደቂቃ ስለሚፈጅብኝ ነው። ፕሮግራሙ ራሱ የጌሙን ዓይነት አይቶ ፋይሉን ይመርጣል፤ ሰው በእጁ እየገመተ አይጥልም።

እስቲ የአንቺን እንይ። ድራይቨር የሚጫነው አድሚኒስትሬተር ለሆነ ሰው ነው። ላፕቶፑ የመሥሪያ ቤት ቢሆንስ? የወንድሙ ቢሆንስ? ደግሞ ያልሽው ViGEmBus በ2023 ሥራው ቆሟል። ሠሪዎቹ በቃን ብለው ዘግተውታል። ባለቤት የሌለው ነገር የዊንዶውስ ሆድ ውስጥ አስገባ እያልሽው ነው። የእኔ ፋይል ከጌሙ ፎልደር አይወጣም።

ጠያቂው፦ የሄለንን ሞከርኩ። ጌሙ ጆይስቲኩን አየው! ግን ሜኑ ላይ አንዴ ወደ ታች ስል ሁለት ይወርዳል። መኪና ልመርጥ ስል አንዱን ይዘላል።

ሄለን፦ አንደኛ፣ ልጅዎ አይደለሁም። ሁለተኛ፣ ፕሮግራሙ ራሱ ይመርጣል ላሉት፦ የጌሙ ማስጀመሪያ 32 ሆኖ ዋናው ጌም 64 ሲሆን፣ ሌላ ፎልደር ውስጥም ሲቀመጥ፣ ማንን አይቶ ነው የሚመርጠው? ሁለት ደቂቃዎ እዚህ ላይ ነው የሚያልቀው።

አሁን ወደ ልጁ። ያየኸው ነገር የታወቀ ነው። ዊንዶውስ አሁን ሁለት ጆይስቲክ አለው፤ በእጅህ ያለውና የተፈጠረው። ጌምህ ለካ ሁለቱንም በር ያያል፤ ቀድሞ የእጅህን ጆይስቲክ ቁልፎች ስላላወቃቸው ነው ዝም ያለው። ስለዚህ አንዷ ግፊት ሁለት ጊዜ ትደርሰዋለች። እውነተኛውን መደበቅ አለብህ።

HidHide የሚባለውን ጫን። መጀመሪያ Applications የሚለው ላይ x360ce.exe ን ጨምር፤ እሱ ብቻ ጆይስቲኩን እንዲያይ ፈቀድክለት ማለት ነው። ቀጥለህ Devices ላይ ጆይስቲክህን ምረጥ። ከታች Enable device hiding የሚለውን ምልክት አድርግ። ከዚያ ኬብሉን ነቅለህ መልሰህ ሰካ። ቅደም ተከተሉን አትገልብጥ። የመጀመሪያውን ከረሳኸው x360ce ራሱ ጆይስቲኩን ያጣዋል፤ የምታስተላልፈው ነገር አይኖርህም።

ጠያቂው፦ ሰራ፣ አመሰግናለሁ። ዛሬ ጠዋት ግን ላፕቶፑን ስከፍት ጆይስቲኩ የለም። joy.cpl ባዶ ነው። የድሮው የኳስ ጌምም አያየውም። ተቃጠለ እንዴ?

ሙሉጌታ፦ በስመ አብ! ኳሱ እኮ ሲጀመር ይሰራለት ነበር።

ወይዘሪት ሄለን፣ ስንት ደቂቃ ሆነ? እኔ እንጃ፣ የእኔ ሰዓት ሁለት ቀን ይላል። ልጁ የመጣው አንድ ጌም አላይ ብሎት ነው። አሁን ሁሉም አላይ አሉት።

ሄለን፦ አልተቃጠለም። HidHide ላፕቶፑ ቢጠፋም ድብቁን አይለቅም። x360ce ደግሞ በራሱ ስላልተነሳ የተፈጠረው ጆይስቲክም የለም። እውነተኛው ተደብቋል፣ የውሸቱ አልተፈጠረም፤ ስለዚህ ባዶ። ለመኪናው ጌም x360ce ን ቀድመህ ክፈት። ለኳሱ HidHide ውስጥ ያንን ምልክት አንሳና ኬብሉን መልሰህ ሰካ። ይህን ትናንት መናገር ነበረብኝ።

ጋሽ ሙሉጌታ ግን አንድ ነገር አልመለሱልኝም። ይህ ልጅ ነገ ኦንላይን ልጫወት ቢልስ? ማጭበርበር የሚከላከለው ፕሮግራም የጌሙ ፎልደር ውስጥ ባዕድ ዲኤልኤል ሲያይ ጆይስቲክ ነው ብሎ አያልፈውም። ጌሙን አላስነሳ ሊል ይችላል፤ አካውንቱንም ሊዘጋበት ይችላል። በሁለት ደቂቃ የገባ ፋይል ነው እንግዲህ። ከማይክሮሶፍት ስቶር የወረዱ አንዳንድ ጌሞች ላይ ደግሞ ፎልደሩ የተቆለፈ ስለሆነ መጣያ ቦታም የለም።

ሙሉጌታ፦ እሷን ሁለት ደቂቃ ይዘሽ ልትሞቺ ነው። እሺ፣ አሥር ደቂቃ በይው። ደስ አለሽ?

እኔን የሚገርመኝ ስለ ልጁ ጋዝ እስካሁን ማናችሁም አለማንሳታችሁ ነው። የመኪና ጌም ነው ያለው። የኤክስቦክስ ጆይስቲክ ቀኝ ጣት ላይ ያለው ቁልፍ ቀስ በቀስ የሚጫኑት ነው፤ ከ0 እስከ 255 ይለካል። የዚህ ልጅ R2 ግን ተራ ቁልፍ ነው። በርቷል ወይም ጠፍቷል። ፋይልም ጣልክ ድራይቨርም ጫንክ፣ ሲጫኑት 255 ነው፣ ሲለቁት 0። መታጠፊያ ላይ ጎማው ይንሸራተትና ከመንገድ ይወጣል። ደንበኞቼ «ጆይስቲኩ ተበላሸ» የሚሉኝ ከዚህ የተነሳ ነው።

እኔ የማደርገው ይህ ነው። ጋዙን ከ R2 አውርጄ ቀኝ ስቲኩ ላይ እጭነዋለሁ። x360ce ውስጥ Right Trigger የሚለው ቦታ ላይ የስቲኩን ወደ ላይ ግማሽ ብቻ ትሰጠዋለህ። ዝርዝሩ ውስጥ IHAxis እና HAxis የሚሉ አሉ፤ አንዱ ወደ ላይ ስትገፋ ሌላው ወደ ታች ስትጎትት ነው የሚሠራው፤ የቱ የአንተ እንደሆነ በዓይንህ እያየህ ምረጥ። ፍሬኑን በሌላኛው ግማሽ አድርገው። አሁን ጋዙ በአውራ ጣትህ ልክ ይሄዳል። የምታጣው ካሜራ ማዞሪያውን ነው። ለውድድር ካሜራ ምን ይሠራልሃል?

ሄለን፦ ይህ እኮ ሌላ ጥያቄ ነው። ልጁ የጠየቀው ጌሙ ለምን አያየውም ብሎ ነው።

የቀኝ ስቲኩ ነገር ጥሩ ነው፤ አልክድም። ግን ልብ ይበሉ፣ ይህ በእርስዎ ፋይልም በእኔ መንገድም ይሠራል። ስለዚህ ለእርስዎ ክርክር አይጠቅምም። እንዲያውም አንዳንድ ጆይስቲክ ይህ ሁሉ ጣጣ አያስፈልገውም። ከኋላው X እና D የሚል ማብሪያ ያለው አለ፤ Logitech F310 እንደዚያ ነው። X ላይ ካደረግከው ራሱ የኤክስቦክስ ጆይስቲክ ነኝ ይላል። ማብሪያ የሌላቸው ርካሾችም መሃል ያለውን ቁልፍ ጥቂት ሰከንድ ሲይዙት የሚቀየሩ አሉ። ልጁ ይህን ቀድሞ ቢሞክር ኖሮ ሁለታችንም አናስፈልገውም ነበር።

ሙሉጌታ፦ ታዲያ ለምን መጀመሪያ አልተናገርሽም? ድራይቨር አስጭነሽ፣ ደብቀሽ፣ አስደንግጠሽው ከጨረስሽ በኋላ «ማብሪያ ይኖረዋል» ትይዋለሽ?

ሄለን፦ እርስዎስ ለምን አልተናገሩም? ጌም ቤት ያለዎት እርስዎ ነዎት።

ጠያቂው፦ ሁለታችሁም አትጣሉ። ጋዙን ቀኝ ስቲክ ላይ አደረግኩት፣ በጣም አሪፍ ሆነ። ከዚያ ሄለን እንዳለችው መሃሉን ቁልፍ ይዤ ቆየሁ። ምንም አልተቀየረም፣ ቀይ መብራቱ ብቻ ጠፋ። አሁን ቀኝ ስቲኩን ስገፋው ጋዙ የለም፤ ጭራሽ ሌላ ቁልፍ የተጫንኩ ይመስለዋል።

ሙሉጌታ፦ መብራቱ ሲጠፋ እንዲህ ያለው ጆይስቲክ ቀኝ ስቲኩን የአራቱ ቁልፎች ምትክ ያደርገዋል። አንዴ መልሰህ ተጫነው። ቀይ ሲበራ ጋዝህ ይመጣል።