ካውንቱ እኩል ነው እኮ!

ከዛሬ ጀምሮ "ካውንቱ እኩል ነው እኮ" የሚለኝ ሰው ካለ ጓደኝነታችን እዚህ ላይ አበቃ፣ በኋላ አልሰማሁም እንዳትሉ።

ጠዋት ስብሰባ ላይ ነን። ቡናዬን ገና ሁለቴ ነው ፉት ያልኩት። ሌሊት 7 ሰዓት የሚነሳው ጆብ ክፍያዎቹን ከማይኤስኪውኤሉ ወደ ሪፖርቱ ፖስትግሬስ ገልብጦ አረንጓዴ አብርቶ ተኝቷል፣ ሮው ካውንት እዚህ 48,212 እዛም 48,212። እኔ ደግሞ አፌ አያርፍም፣ "ቁጥሩ ገጥሟል ግን የአንድ ቀን ቼክሰም አልገጠመም" አልኩ። ቼክሰም ማለት የቀኑ ሮዎች ተጨምቀው የሚወጣላቸው አሻራ ነው፣ አንዷ ሮው ብትለወጥ አሻራውም ይለወጣል። አለቃዬ ቀና ብሎ እንኳን ሳያየኝ ስልኩን እየነካካ "ዜሮዬ፣ ዛሬ ደግሞ ስንት ዜሮ ጠፋብሽ?" አይለኝም! ቤቱ በሳቅ። ያ ትናንት የተቀጠረው ልጅ፣ ገና የቢሮ መታወቂያ ያልተሰራለት፣ እሱም ሳቀ!! እሱስ ምን ገብቶት ነው?

ዜሮዬ የሚለው ስም ባለፈው ሳምንት የወጣልኝ ነው፣ እሺ ጥፋቴን አልክድም። ያኔ የእያንዳንዱን ሮው ኮለሞች አገጣጥሜ md5 የሚባለውን አሻራ አወጣሁ፣ ሶርስና መድረሻውን ሳስተያይ አንድም ሮው አልገጠመም። አንድም! እሁድ በጠዋቱ ደውዬ "ዳታው በሙሉ ተበላሽቷል" ብዬ አለቃዬን ከቅዳሴ አስወጣሁት። ለካ ሶርሱ ላይ ብሩ 350.00 ተብሎ ነው የተቀመጠው፣ መድረሻው ላይ ኮለሙ አራት ዴሲማል ስላለው 350.0000። ለሰው ያው 350 ብር ነው፣ md5 ግን ብር አያውቅም፣ የሚያየው ፊደል ብቻ ነው፣ ሁለት ዜሮ ስትጨምርበት ሌላ ዓለም ነው የሚያወጣልህ። ከዛ ወዲህ ሀሽ ከማድረጌ በፊት ብሩን በሁለቱም በኩል በሁለት ዴሲማል፣ ሰዓቱን እስከ ሰከንድ ድረስ በአንድ አጻጻፍ አድርጌ ነው የምጀምረው። ባዶ ኮለም ላይም ምልክት አስገባበታለሁ፣ ምክንያቱም ማይኤስኪውኤል ላይ በCONCAT ስታያይዝ አንዱ NULL ከሆነ ሙሉው NULL ነው የሚሆነው፣ የፖስትግሬሱም || እንደዛው፣ NULLን ከNULL ጋር ብታወዳድር ደግሞ ልዩነት የሚባል ነገር አይወጣም፣ ዝም ነው። ማስታወሻ ያልተጻፈበት ክፍያ ሁሉ ሳይመረመር ያልፋል ማለት ነው። እና ከዛ ውርደት አንድ ነገር ተምሬያለሁ፦ ሁሉም ሮው ሲለያይ አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ አጻጻፍ ነው፣ ሁለት ሦስት ብቻ ሲለያይ ግን ዳታው ራሱ ነው። ዛሬ የተለያየው የአንድ ቀን ብቻ ነበር። ይሄን ላስረዳ አፌን ስከፍት "ቶታሉስ?" አለኝ። ቶታሉም እኩል ነው አልኩት። "በቃ እኮ!" ብሎ ወደ ቀጣዩ አጀንዳ፣ የመኪና ፓርኪንግ።

እኔም አልቻልኩም፣ "ዕቁብ ላይ ሀያ ሰው ሀያ እጣ ቢሞላ፣ ግን አልማዝ ሁለቴ ከፍላ ከበደ ሳይከፍል ቢቀር ሰብሳቢው 'ሞልቷል' ብሎ ዝም ይላል?" አልኩ። ታድያ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው፣ "አንቺ ዕቁብ ሰብሳቢ ብትሆኚ ይሻልሽ ነበር።" ሳቅ ቁጥር ሁለት። (ዕቁብ ሰብሳቢ ብሆን ቢያንስ ሰው ያከብረኝ ነበር፣ ይሄም እውነት ነው።)

ተናድጄ ወንበሬ ላይ ተመለስኩ፣ መብራት ሄደ፣ ጄነሬተሩ እስኪነሳ አስር ደቂቃ፣ ከዛ ይቺን ሁለቱም ጋ አስኬድኩ፦

```sql
SELECT COUNT(*), COUNT(DISTINCT id), SUM(amount)
FROM payments
WHERE paid_at < CURRENT_DATE;
```

ያቺን WHERE እንዳትዘሏት በናታችሁ። ሶርሱ እኮ ሕያው ነው፣ እናንተ ስትቆጥሩ ሰው እየከፈለ ነው። አንዱ ባልደረባዬ ባለፈው ወር ያለ እሷ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ቆጥሮ "ሮው ጠፋ" ብሎ ቀኑን ሙሉ አተራምሶናል፣ እሱ ግን ቅጽል ስም አልወጣለትም፣ ለምን እንደሆነ እናንተው ፍረዱ።

ውጤቱ? COUNT እኩል። SUM እኩል። የተደገመውን አንዴ ብቻ የሚቆጥረው DISTINCT ግን ሶርሱ ላይ 48,212፣ መድረሻው ላይ 48,211። አልማዝና ከበደ! አንድ ክፍያ ሁለቴ ገብቷል፣ አንድ ክፍያ የለም። ሁለቱም ያው ባለ 350 ብር የወር ፓኬጅ ናቸው፣ ለዛ ነው ቶታሉ ንቅንቅ ያላለው። የየቀኑን ቼክሰም ባላወጣ ኖሮ ማንም አያየውም ነበር።

መንስኤውን ሳገኘው ላለቅስ ነበር። ጆቡ ሮዎቹን አስር ሺህ አስር ሺህ እያደረገ ነው የሚያወጣው፣ እንዲህ እያለ፦

```sql
SELECT * FROM payments
ORDER BY paid_at
LIMIT 10000 OFFSET 20000;
```

ባንኩ የሚልከው ፋይል በአንድ ጊዜ ስለሚጫን በመቶ የሚቆጠሩ ክፍያዎች paid_at አንድ ሰከንድ ላይ ነው ያላቸው። ዳታቤዙ ደግሞ ሰዓታቸው እኩል የሆኑትን የቱን እንደሚያስቀድም ቃል አልገባም፣ እያንዳንዱ ፔጅ ለብቻው ኩዌሪ ስለሆነ አንዴ እንዲህ አንዴ እንዲያ ሊደረድራቸው ይችላል። የፔጁ ድንበር እነሱ መሃል ሲወድቅ አንዷ ሮው ባንዱ ፔጅ መጨረሻ ላይም በሚቀጥለው መጀመሪያ ላይም ትወጣለች፣ አንዷ ከሁለቱም ትቀራለች። ፔጁ ግን ከመጨረሻው በቀር ሁሌም ሙሉ አስር ሺህ ነው! ስለዚህ ካውንቱ እኩል መሆኑ የጤና ምልክት አይደለም፣ አሰራሩ ራሱ ነው እኩል የሚያደርገው። ORDER BY paid_at, id ቢባል ኖሮ ይሄ ሁሉ የለም። አንዲት ኮማና ሁለት ፊደል! መድረሻው ቴብል ላይ ደግሞ id ልዩ ይሁን ብሎ የገደበ የለም፣ "ሎዱን ያዘገየዋል" ተብሎ ተነስቷል። ማን አነሳው? አልናገርም። ስልኩን የሚነካካው ሰውዬ ነው።

ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ የፋይናንሱ ጋሼ ራሳቸው ደረጃ ወጥተው መጡ፣ ላብ በላብ ሆነው፣ "ልጄ፣ አንድ ደንበኛ ደረሰኝ ይዞ ቆሟል፣ ሪፖርቱ አልከፈለም ስለሚል መስመሩ ተዘግቶበታል።" የደረሰኙን ቁጥር አየሁት። ከበደ! እውነቴን ነው የጠፋችው ሮው ናት። ፕሪንት አድርጌ አለቃዬ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩለት። አየው፣ አየው፣ ገለበጠው፣ ጀርባው ላይ ምንም የለም፣ መልሶ አየው። ይቅርታ ልትጠብቁ ነው አይደል? "ግን ካውንቱ እኩል ነበር እኮ" አለ።

እኔ ምን ልበል። ማታ ለማኔጅመንት የላከውን ኢሜይል አየሁት፣ "ቲሙ ባደረገው ጥልቅ ክትትል" ይላል። ቲሙ ማለት እኔና ጄነሬተሩ ነን።

ማስተካከያው ደግሞ ዛሬ አይገባም፣ ለውጥ የሚገባው ሐሙስ ብቻ ነው ተባልኩ። ስለዚህ ያው ጆብ ዛሬም ሌሊት 7 ሰዓት በዛው OFFSET ይነሳል፣ እኔ ለ11 ሰዓት አላርም ሞልቼ ተነስቼ DISTINCTን በእጄ እቆጥራለሁ። የተደገመች ካለች የማን እንደሆነች ለጋሼ ቀድሜ እደውላለሁ፣ ለሌላው አልደውልም፣ ቅዳሴ ላይ ይሆናል።