«ነጌቲቭ ነሽ» ከተባለች በኋላም የምትደማ ሴት

«የወር አበባዬ ከሄደ በኋላ በመሃል ደም አያለሁ። ከባለቤቴ ጋር ከተገናኘን በኋላም ይነካኛል። ለዓመታት የሦስት ወር መርፌ እወጋለሁ። ጤና ጣቢያ የማህፀን በር ምርመራ አድርገውልኝ ‹ነጌቲቭ ነሽ፣ ትንሽ ሥጋ በቅላለች እንጂ አታሳስብም› አሉኝ። ታዲያ ደሙ ከየት ነው የሚመጣው? ሥጋዋስ ትውጣ ወይስ ትቅር?»
የ43 ዓመት የአምስት ልጆች እናት፣ ከዘጌ

ትውጣ። ከወጣች በኋላም በማይክሮስኮፕ እንድትመረመር ወደ ፓቶሎጂ ላቦራቶሪ ትላክ። ደሙ ከእሷ የመምጣቱ ዕድል ሰፊ ነው። ግን ወጥታ ደሙ ሲቆም ካልታየ በቀር ማንም «ከእሷ ነው» ብሎ በእርግጠኝነት ሊናገር አይችልም።

ባሕር ዳር ውስጥ የምሠራ አዋላጅ ነርስ ነኝ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ይዘው የሚመጡ እናቶች ብዙ ናቸው። አብዛኞቹን ያሳሳታቸው «ነጌቲቭ» የሚለው መልስ ነው። ጥፋቱ የእነሱ አይደለም። መልሱን የሰጠናቸው እኛ ምን ማለት እንደሆነ አልነገርናቸውም።

የማህፀን በር የቅድመ ካንሰር ምርመራ የተዘጋጀው ምንም ስሜት ለሌላት ሴት ነው። በአገራችን በዋናነት ከ30 እስከ 49 ዓመት ላሉ ሴቶች ይሰጣል፤ ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለ ደግሞ ቀደም ብለው ይጀምራሉ። በጤና ጣቢያ ብዙ ጊዜ የሚሠራው የአሴቲክ አሲድ ምርመራ ነው። ስፔኩለም በተባለ መክፈቻ መሣሪያ ማህፀን በሩን እናያለን፤ ከ3 እስከ 5 በመቶ የሆነ አሴቲክ አሲድ በጥጥ እንቀባለን፤ ቢያንስ አንድ ደቂቃ እንጠብቃለን። ቅድመ ካንሰር ካለ ቦታው ጥርት ያለ ድንበር ያለው ነጭ ሆኖ ይታያል። ካልነጣ ነጌቲቭ ነው። መልሱ ያቺን በዓይን የምትታይ የማህፀን በር ገጽ ብቻ የሚመለከት ነው። ከበሩ ወደ ውስጥ የሚሄደውን ቦይም ሆነ ማህፀኑን አያይም።

ሌላም ነገር አለ። ቅድመ ካንሰር ራሱ ብዙውን ጊዜ አያደማም። ካንሰሩን ሊያመጣ የሚችለው ኤች ፒ ቪ የተባለው ቫይረስም እንዲሁ። ስለዚህ አንዲት የምትደማ ሴት ምርመራው ፖዘቲቭ ቢሆንና በዚያው ቀን በቅዝቃዜ ወይም በሙቀት ብትታከም እንኳ፣ የደሙ ጥያቄ አልተመለሰም። ነጌቲቭ ብትሆንም አልተመለሰም። ደም ያላት ሴት የምትፈልገው የቅድመ ካንሰር ምርመራ ብቻ ሳይሆን የደሙን ምንጭ የሚፈልግላት ሰው ነው። በጤና ተቋሞቻችን እነዚህ ሁለቱ በአንድ ክፍል፣ በአንድ ስፔኩለም ስለሚሠሩ ይቀላቀላሉ። አንዱ ሲያልቅ ሌላውም ያለቀ ይመስለናል።

አሁን ወደ «ሥጋዋ» ልምጣ። ስሟ ፖሊፕ ነው። ከማህፀን በር ቦይ ውስጥ በቀጭን ዘንግ ተንጠልጥላ ትወጣለች። መጠኗ ብዙ ጊዜ ከጥቂት ሚሊ ሜትር እስከ ሁለት ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው። ለዘጌ ሰው ለማስረዳት አይከብድም፤ የበሰለ ቀይ የቡና ፍሬ ቅርንጫፉ ላይ ተንጠልጥሎ እንደማየት ነው። ለስላሳ ናት፤ ደም ስሮቿ ከላይ ስለሆኑ በትንሽ ንኪኪ ትደማለች። ከግንኙነት በኋላ ደም የሚታየው ለዚህ ነው። በ40ዎቹና በ50ዎቹ ዕድሜ ባሉ፣ በተለይ በወለዱ ሴቶች ላይ ይበዛል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ይህን የምለው ከግንኙነት በኋላ የሚታይ ደም በስንት ቤት ጥርጣሬና ጠብ እንዳስነሳ ስለማውቅ ነው።

የማውጣቱ ሥራ አጭር ነው። መጀመሪያ የሽንት እርግዝና ምርመራ ይደረጋል። እርስዎም በ43 ዓመትዎ ቢሆን ይህ አይቀርም፤ እርጉዝ ሴት ላይ ፖሊፕ ያለ በቂ ምክንያት አይነካም። ከዚያ ባለሙያው ዘንጓን በመያዣ መሣሪያ ይዞ ቀስ እያለ ያዞራታል፤ ተጠምዝዛ ትለቃለች። ሥሯ ላይ ደም የሚያቆም መድኃኒት ይነካል። አብዛኞቹ ሴቶች እንደ ወር አበባ ቁርጠት ያለ ነገር ተሰምቷቸው ያበቃል፤ ማደንዘዣ እንኳ ብዙ ጊዜ አያስፈልግም። ለጥቂት ቀናት ትንሽ ደም ይኖራል። ደሙ እስኪቆም ከግንኙነት መታቀብ ነው። ሞዴሱ በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚርስ ከሆነ፣ ትኩሳት ወይም መጥፎ ሽታ ከመጣ ግን ቀን ሳይቆጥሩ መመለስ ያስፈልጋል።

ቀላል ነው ማለት ግን ሁሉም በጤና ጣቢያ ይጎተት ማለት አይደለም። ዘንጓ ከየት እንደጀመረ መታየት አለበት። ሥሯ ሰፊ ከሆነ፣ ትልቅ ከሆነች፣ ወይም ዘንጓ ወደ ላይ ገብቶ መጨረሻው ካልታየ ቆም ማለት ይሻላል። ከማህፀን ውስጥ ተንጠልጥሎ የወረደ ማዮማ የሚባል የማህፀን ጡንቻ እብጠት ሊሆን ይችላል፤ እሱ ሲጎተት ብዙ ደም ያፈሳል። እንዲህ ያለችው ሴት ሪፈር ተጽፎላት ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል የማህፀን ሐኪም ዘንድ ትሂድ። የነካነው ነገር ጠጣርና ወጣ ገባ ከሆነ፣ ከቆሰለና እየተፈረፈረ ከደማ ደግሞ ፖሊፕ ብለን አንጥራው። ካንሰር ነው ብሎ መጠርጠር፣ ናሙና ማስወሰድ ነው የሚገባው። አሴቲክ አሲዱ «ነጌቲቭ» ቢልም በዓይን የሚታየው ይበልጣል።

እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። የወጣች ፖሊፕ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ስትገባ አይቻለሁ። «ፖሊፕ ናት፣ ምን ይደረጋል» ይባላል። እውነት ነው፣ ፖሊፕ ውስጥ ካንሰር የሚገኘው እምብዛም ነው፤ ከ100 አንድ እንኳ ላይሞላ ይችላል። ነገር ግን ያቺን አንዷን ከሌሎቹ የሚለያት ማይክሮስኮፕ እንጂ ዓይን አይደለም። ፎርማሊን ያለበት ትንሽ ዕቃ፣ ስምና ቀን የተጻፈበት ወረቀት፣ ከዚያ ፓቶሎጂ። የሚከብደው ይህ አይደለም። የሚከብደው ውጤቱን ለሴትየዋ ማድረስ ነው። ከዘጌ በጀልባ የመጣች እናት ውጤት ለመስማት ሌላ ቀን ሥራ ፈትታ፣ ሌላ መጓጓዣ ከፍላ ትመለሳለች ብሎ መጠበቅ አይቻልም። ስለዚህ በምዝገባ መዝገቡ ላይ የእሷ ወይም የምታምነው ሰው ስልክ ይጻፍ። ውጤቱ ሲደርስ እኛ እንደውል። ካልተገኘች በቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ በኩል ጥሪ ይድረሳት፤ ዝርዝሩ ግን ለእሷ ብቻ ይነገር። ይህ አዲስ በጀት የሚጠይቅ ነገር አይደለም። የአንድ ሰው ኃላፊነት ሆኖ በስሙ መመደብ ብቻ ይበቃዋል።

ሌላው ልማዳችን «ደሙ ሲቆም ነይ» ማለት ነው። ለአሴቲክ አሲድ ምርመራ ይህ ስሜት ይሰጣል፤ ብዙ ደም ካለ ነጩ አይታይም። ለደም መንስኤ ፍለጋ ግን አይሠራም። ካንሰር ያለባት ሴት ደሟ የሚቆምበት ቀን ላይኖር ይችላል። ሦስት ጊዜ «ሲቆም ነይ» የተባለች ሴት አራተኛ አትመጣም። ደም ቢኖርም ስፔኩለም ይገባል፤ ደሙ በጎዝ ጨርቅ ተጠርጎ ማህፀን በሩ ይታያል። የቅድመ ካንሰሩ ምርመራ ለሌላ ቀን ይቆይ፣ ማየቱ ግን ዛሬውኑ ይሁን።

ከመርፌውም ጋር የተያያዘ ነገር አለ። የሦስት ወር መርፌ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ወራት ደም ያዛባል፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። እየቆየ ሲሄድ ግን የብዙዎቹ ደም ይቀንሳል ወይም ይጠፋል። ለዓመታት ተረጋግቶ ቆይቶ አሁን አዲስ ደም ሲመጣ «መርፌው ነው» ብሎ ሳያዩ መመለስ ትክክል አይደለም። ከግንኙነት በኋላ የሚመጣ ደም ደግሞ ከነጭራሹ በመርፌው አይሳበብም። የማህፀን በር ኢንፌክሽን እንዲህ ያደማል፤ ፖሊፕ ያደማል፤ ካንሰርም ያደማል። የሚለየው በማየት ነው።

በጣና ዳርቻ ያሉ እናቶች ለዚህ የሚረዳ ነገር እጃቸው ላይ አለ። ደም ላይ ያለች ሴት ቤተ ክርስቲያን ስለማትገባ ቀኗን አሳምራ ትቆጥራለች። ስትጠየቅ «ኪዳነ ምሕረት ላይ አልገባሁም፣ ለሚካኤል ግን ገብቻለሁ፣ ለማርያም ደግሞ መለሰኝ» ትላለች። ይህ ከየትኛውም ፎርም የተሻለ መረጃ ነው። 12፣ 16ና 21 ብሎ ወደ ቀን መቀየር የእኛ ሥራ ነው። ደሙ በየወሩ በአንድ ሰሞን ነው? ወይስ ያለ ሥርዓት? ከግንኙነት በኋላ ብቻ ነው? ከዚህ ተነሥተን የት መፈለግ እንዳለብን እናውቃለን።

ወደ እርስዎ ልመለስ። ፖሊፕዋ ከወጣችና ቦታው ከዳነ በኋላ የማህፀን በር ምርመራው ይደገምልዎት። ፖሊፕ ተንጠልጥላ የሸፈነችው ቦታ በመጀመሪያው ምርመራ በደንብ አልታየም ይሆናል። ነጌቲቩን የሰጠዎት ባለሙያ ዋሽቶ አይደለም፤ የታየውን ነው የተናገረው። የኤች ፒ ቪ ምርመራ የሚሰጥበት ተቋም ካገኙ እሱም ይሆናል። ፖዘቲቭ ቢሆን ካንሰር አለ ማለት አይደለም፤ ማህፀን በሩ በጥንቃቄ ይታይ ማለት ነው።

ፖሊፕዋ ወጥታ፣ ፓቶሎጂውም «ደህና ነው» ብሎ፣ በሚቀጥሉት ሁለት ወራት አሁንም በመሃል ደም ካዩ ግን ጉዳዩ አላለቀም። የማህፀን በር ፖሊፕ ያላት ሴት ማህፀኗ ውስጥም ሌላ ፖሊፕ ሊኖራት ይችላል። ያኔ አልትራሳውንድ ይታዘዝልዎት። ደሙ ከቀጠለ በተለይ ዕድሜ ወደ 45 ሲጠጋ ከማህፀን ግድግዳ ናሙና መውሰድም ይኖራል። የወር አበባዋ ከቆመ አንድ ዓመት ያለፋት ሴት ደግሞ አንዲት ጠብታም ብትሆን ሁለት ወር አትጠብቅም። ፖሊፕ ቢታይባትም ባይታይባትም ማህፀኗ ውስጥ መታየት አለበት።