ለሜትር ለጣፊዎች የቀረበ ምስጋና

ሰሞኑን አንድ ተማሪ የተፈታ የሜካኒክስ ጥያቄ ይዞ መጣና "ጋሼ፣ መልሴ ከዚህ ጋር አልገጥም አለኝ፤ የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?" አለኝ። አየሁት። ልጁ አልተሳሳተም። የተሳሳተው ከእጅ ወደ እጅ ሲገለበጥ የከረመው "ትክክለኛው መልስ" ነው። መጨረሻው ላይ ግን "ሜትር" የሚል ቃል ኮራ ብሎ ተቀምጧል። ከሥሩም ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል።

ታውቋቸዋላችሁ እነዚህን ሰዎች። ጥያቄውን ሲጀምሩ ዩኒት የለም፤ መሀል ላይም የለም። ልክ ሲያልቅ "ጥያቄው ስንት ይታመቃል ነው የሚለው፤ ስለዚህ ሜትር" ብለው ይለጥፋሉ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይቺ ናት። እኔ ግን ዛሬ ላመሰግናቸው ነው የመጣሁት። እኛ መስመር በመስመር ኒውተንና ሜትር እየጎተትን ስንደክም፣ እነሱ በእምነት ብቻ ይደርሳሉ። ቀለም ይቆጥባሉ። ጥርጣሬ የሚባል በሽታም አይነካቸውም።

ጥያቄው ቀላል ነው። መጠነ ቁሱ m የሆነ ዕቃ ከከፍታ h ተለቆ፣ ቆሞ በሚጠብቅ ስፕሪንግ ላይ ይወድቃል። የስፕሪንጉ ኮንስታንት k ነው። ስፕሪንጉ ቢበዛ ስንት ይታመቃል? ዕቃው በጠቅላላው የሚወርደው h እና x ተደምረው ስለሆነ የኢነርጂው እኩልታ እንዲህ ይሆናል፦

mg(h + x) = ½kx²

ይህን ወደ አንድ ጎን ሰብስቦ በኳድራቲክ ፎርሙላ መፍታት ነው። ወረቀቱ የደረሰበት እነሆ፦

x = [mg + √(mg + 2kmgh)] / k

እስቲ ሥሩ ውስጥ ግቡ። mg ክብደት ነው፤ ኒውተን። ቀጥሎ ያለው 2kmgh ነው። k ኒውተን በሜትር ነው፤ በ h ሲባዛ ሜትሩ ተሰርዞ ኒውተን ይቀራል። ያ ደግሞ በ mg ሲባዛ ኒውተን ካሬ ይሆናል። እንግዲህ ጌቶቻችን ኒውተንን ከኒውተን ካሬ ጋር ደምረዋል። ሜትርን ከሜትር ካሬ ጋር፣ የገመድ ርዝመትን ከወለል ስፋት ጋር መደመር ማለት ነው። ስንት ወጣ ብላችሁ አትጠይቁ።

ዩኒቱ ስህተት መኖሩን ብቻ ሳይሆን የት እንዳለም ይጠቁማል። mg የጎደለው አንድ ኒውተን ነው። ወደ ኋላ ተመልሳችሁ mg ብቻውን ከየት እንደመጣ ስትፈልጉ፣ b² የሚለው ላይ ትደርሳላችሁ። b ደግሞ −mg ነው። ካሬ ማድረጉ ተረስቷል። በቃ። ሥሩ ውስጥ (mg)² ሲገባ ሁለቱም ኒውተን ካሬ ይሆናሉ፣ ሥሩ ኒውተን ይሆናል፣ በ k ሲካፈል ሜትር ራሱ ይወጣል። የሚለጥፈው ሰው አያስፈልገውም።

ለምን አልታያቸውም? ገና ሁለተኛው መስመር ላይ ቁጥር ስለተኩ ነዋ። m 2 ኪሎ ግራም፣ g 10፣ h ግማሽ ሜትር፣ k 400 ኒውተን በሜትር። mg 20 ሆነ፣ ሌላው 8000 ሆነ። 20 ሲደመር 8000፣ 8020 ነው። ማን ይከራከራል? ዩኒቱ የተራቆተ ቁጥር ከማንም ጋር ይደመራል። መልሱም 0.27 ወጣ። ትክክለኛው 0.28 ነው። ልዩነቱ ሳይጠጋጋ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ገደማ! የስህተቱ ብልጠት እዚህ ላይ ነው፤ 8000 ስለገነነ 20 ይሁን 400 ብዙም አልለየውም።

ይህ ቀመር ግን ሌላ ድንቅ ችሎታ አለው፤ እሱን ሳላደንቅ አላልፍም። ያንኑ ዕቃ፣ ያንኑ ስፕሪንግ ያዙና ኒውተኑን ወደ ኪሎ ኒውተን ቀይሩት። ማንም ምንም አልነካም፤ አጻጻፉ ብቻ ነው የተቀየረው። ክብደቱ 0.02፣ ስፕሪንጉ 0.4 ሆነ። በዚያው ቀመር አስሉት። 0.47 ሜትር! ስፕሪንጉ ቅድም ከታመቀው ሃያ ሳንቲ ሜትር ያህል ጨመረ። ሰው በኪሎ ኒውተን እንደለካው በምን ሰማ? አላቆምም። ወደ ሜጋ ኒውተን ልሂድ። ክብደቱ 0.00002፣ ስፕሪንጉ 0.0004። መልሱ? 11.2 ሜትር። ከግማሽ ሜትር ከፍታ የተለቀቀ የሁለት ኪሎ ዕቃ ስፕሪንጉን አሥራ አንድ ሜትር አመቀው። ስፕሪንጉ ራሱ ያን ያህል ርዝመት ይኑረው አይኑረው የጠየቀ የለም። ዩኒቱን ትንሽ ብንገፋው ወለሉን በስቶ፣ መሬቱን ሰንጥቆ፣ በዚያኛው ጎን ብቅ ይላል። ትክክለኛው ቀመር ግን ድብርታም ነው። በኒውተን 0.28፣ በኪሎ ኒውተን 0.28፣ በሜጋ ኒውተንም 0.28። ምንም ጀብዱ የለውም።

እዚህ ላይ ቀልዱን ልተወው። ካሬ መርሳት እኔም እረሳለሁ፤ ትናንትም ረስቻለሁ። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ያ ልጅ ትክክለኛ መልስ ይዞ ሦስት ቀን ራሱን ሲጠራጠር ከርሟል። ስልሳ ሰከንድ የምትፈጅ ምርመራ የሚሠራ አንድ ሰው ስለጠፋ! "ሜትር" ሳይጽፍ የረሳውን ተማሪ ግማሽ ማርክ የሚቀንስ አራሚ፣ ኒውተንን ከካሬው ጋር ለደመረው ሙሉ ማርክ ይሰጣል። ይሄ እርማት አይደለም፤ ጌጥ ቆጠራ ነው።

ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። አንድ የተረሱ ወገኖች አሉ፤ ዩኒት መመርመርን ትናንት የተማሩት። እነሱ ደግሞ ሜትር ከወጣ "ትክክል ነው" ብለው ወረቀቱን ይዘጋሉ። ½ ን ከእኩልታው አውጥታችሁ ጣሉ፤ ዩኒቱ ቅር አይለውም። ምልክት ገልብጡ፣ አሁንም ሜትር ነው። ዩኒት ግማሽንም፣ ሲቀነስንም አያይም። ለእነሱ h ን ዜሮ ማድረግ ይሻላል። ዕቃው ስፕሪንጉን ነክቶ ሳለ ከተለቀቀ መልሱ 2mg/k መሆን አለበት፤ ዕቃው ተረጋግቶ ከሚቆምበት ከ mg/k እጥፍ ማለት ነው። ½ ን የጣለ ሰው mg/k ያገኛል፤ እዚያ ይያዛል።

ለልጁ ይህን ሁሉ አሳይቼው፣ b² የሚለው ላይ በቀይ አክብቤ ላክሁት። በነጋታው ተመለሰ።

"አሳየኻቸው?"

"አዎ ጋሼ። አርመውታል። 0.28 አደረጉት።"

"ቀመሩስ?"

"ቀመሩ እንዳለ ነው።"